የነርሶች ተጠሪ የምረቃ ንግግር

በነርሶች ምረቃ ላይ የክፍሉ ተጠሪ የሚያሰማው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ አጭር ጊዜ ሦስት ወገኖች ይመሰገናሉ፤ መምህራን፣ ቤተሰቦችና ሕሙማን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሕሙማኑ ግን አዳራሹ ውስጥ የሉም፤ ቢኖሩም በስማቸው ሊጠሩ አይችሉም። የንግግሩ ከባድ ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ረቂቅ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ሕሙማን ለምን እንደሚመሰገኑ ለማየት ከትምህርቱ መነሳት ይጠቅማል። በሰሜን ሸዋ የነርስነት ትምህርት ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን የጤና ሳይንስ ካምፓሱ በ1991 ዓ.ም. ባረፉት ቀዶ ሐኪምና የሕክምና መምህር በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። የዲግሪው ትምህርት አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው መጀመሪያ በመለማመጃ ክፍል ውስጥ በሞዴል ላይ መርፌ መውጋትን፣ ቁስል ማጠብንና አልጋ ማንጠፍን ይማራል፤ ከዚያ ወደ ዋርድ ይወጣል። ሞዴሉ ክንዱን አያሸሽም፣ አያቃስትም፣ «ቀስ በይ ልጄ» አይልም። ይህን የሚለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው።

ንግግሩ በሰላምታ ይከፈታል። የክብር እንግዳው፣ የተቋሙ ኃላፊዎች፣ መምህራንና ወላጆች በማዕረጋቸው ቅደም ተከተል ይጠራሉ፤ ቅደም ተከተሉን ከዝግጅቱ አስተባባሪ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ማዕረግ መዝለል እንደ ንቀት ይቆጠራልና። መምህራን ሲመሰገኑ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የዋርድ ነርሶች ናቸው። በክፍል ያስተማረው መምህር መድረክ ላይ ጋዋን ለብሶ ይቀመጣል። ተማሪዋን በሌሊት ተረኛነት ከጎኗ አቁማ ትንፋሽ በግማሽ ደቂቃ ሳይሆን ሙሉ ደቂቃ እንደሚቆጠር ያሳየቻት ነርስ ግን በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ጥሩ ንግግር «የሆስፒታል ነርሶች» ብሎ ለይቶ ያመሰግናቸዋል።

ቤተሰብን ማመስገን ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቋንቋው ሊታሰብበት ይገባል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ንግግሩም አንዳንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከአንኮበር ወይም ከሌላ ወረዳ ገና ሳይነጋ ተነስታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ የመጣች እናት የተመሰገነችበትን ቃል ካልሰማች ምስጋናው አልደረሳትም። የቤተሰቡ ክፍል በአማርኛ መነበብ አለበት፤ ሌላ ቋንቋ ከሚናገር ቤተሰብ የመጡ ተማሪዎች ካሉም አንድ ዓረፍተ ነገር በዚያው ቋንቋ ቢጨመር ያምራል። ተጠሪው የሚናገረው ለራሱ እናትና አባት ብቻ አይደለም። ከተመራቂዎቹ መካከል በአያቱ ወይም በታላቅ እህቱ ያደገ፣ ወላጁንም በትምህርቱ ዓመታት የቀበረ አይጠፋም። «ወላጆቻችንና አሳዳጊዎቻችን» የሚለው አጠራር ሁሉንም ያቅፋል። እዚህ ላይ እልልታ ይነሳል፤ ተናጋሪው ጸጥታ እስኪመለስ ቆሞ መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የሕሙማን ምስጋና በጩኸት ይዋጣል።

ሕሙማንን በሚያመሰግነው ክፍል መጀመሪያ የሚታየው ግሡ ነው። በብዙ ረቂቆች ላይ «የተለማመድንባቸው ሕሙማን» የሚል ሐረግ ይገኛል። የጸሐፊው ሐሳብ ክፉ ባይሆንም በቃሉ ውስጥ ያለው «ባቸው» ሕሙማኑን እንደ ዕቃ ያስቀምጣቸዋል። «ያስተማሩን ሕሙማን» ሲባል ግን አድራጊዎቹ እነሱ ይሆናሉ። «ኬዝ» የሚለው የዋርድ ቃልም ለዋርድ ይተው፤ አዳራሽ ውስጥ ሰውን «ኬዝ» ብሎ መጥራት ቤተሰቡን ያስደነግጣል።

ሁለተኛው የሚታየው ምስጢር መጠበቅ ነው። ነርሶች በምረቃቸው በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም የሚጠራውን ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። መሐላውን ናይቲንጌል ራሷ አልጻፈችውም፤ በ1893 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ለእሷ ክብር የተዘጋጀ ነው። በሥራ ላይ የታወቀ የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ቃል ያስገባል። ንግግሩ አንድን ታማሚ በሚታወቅበት መንገድ ከገለጸ መሐላው በተፈጸመበት ቀን ይፈርሳል።

ለምሳሌ አንዲት ተጠሪ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ «ባለፈው ጥር ከአንኮበር ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ የልብ ድካም ያለባቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ ካኑላ ላስገባላቸው ስሞክር ሁለት ጊዜ ስቼባቸው አይዞሽ አሉኝ።» ስም አልተጠራም። ሆኖም ወሩ፣ ቦታው፣ ዕድሜው፣ ሕመሙና ክህነቱ አንድ ላይ ሲመጡ አዳራሽ ውስጥ ያለ የአገራቸው ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። ሰውን የሚያስታውቀው የዝርዝሮቹ መገናኘት ነው እንጂ እያንዳንዱ ዝርዝር ለብቻው አይደለም። ስለዚህ ወሩ ይውጣ፤ ቦታው ይውጣ፤ ሕመሙና ክህነቱም ይውጡ።

ቀሪው ምንድን ነው? ትምህርቱ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ደም ሥር ቆዳ ሥር ይንሸራተታል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ይኮማተርና ከዓይን ይሰወራል። ተማሪዋ በተማረችው ደንብ መሠረት ሁለቴ ከሳተች በኋላ ሦስተኛ ጊዜ አትሞክርም፤ የዋርድ ነርሷን ትጠራለች። እስክትመጣ ድረስ ታማሚው «እጄ በርዶ ነው፣ ቆይ ላሙቀው» ብለው ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ያስገባሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲያወጡት ደም ሥሩ ጎልቶ ይታያል፤ ሙቀት ደም ሥርን ያሰፋልና። ነርሷም በመጀመሪያው ሙከራ ታስገባዋለች። የተሻሻለው ረቂቅ ይህን ይይዛል፦ «እጃቸውን ሁለቴ ወግቼ የሳትኩ አንድ አባት አይዞሽ ብለውኝ፣ ክንዳቸውን በጋቢያቸው አሙቀው ሰጡን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀዘቀዘ እጅ ሳላሞቅ አልወጋም።» ይህን የሰማ ሁሉ ሰውየው ማን እንደሆኑ ባያውቅም ምን እንዳስተማሩ ያውቃል።

አስታማሚዎችም በዚህ ክፍል ቦታ አላቸው። በሆስፒታሎቻችን ታማሚው አልጋ ሥር ሰሌን ዘርግተው የሚያድሩት፣ ምግብ የሚያመላልሱት፣ ታማሚው ሌሊት እንዴት እንዳደረ ቀድመው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ከቻርቱ በፊት አስታማሚን የጠየቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ የጠፋ መረጃ ያገኛል።

ሞትን ማንሳት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ታሪኩን እያንጠለጠሉ ሰው ለማስለቀስ መናገር በሰው ሐዘን ላይ ትያትር መሥራት ነው። ያረፉትን ሕሙማን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስታወስና አጭር ዝምታ መጠየቅ ይበቃል። የታማሚን ድህነት መተረክም እንደዚሁ መቅረት አለበት።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ድምፅ ከፍ አድርጎ በሰዓት እየለኩ ማንበብ ይገባል። የመጨረሻው ፈተና ግን ጽሑፉን ታሪኩ በተፈጸመበት ዋርድ ለምትሠራ ነርስ ማስነበብ ነው። አንብባ «እኚህን አውቃቸዋለሁ» ካለች ያ ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ።