ግሱ በማን ፊት ላይ ይውደቅ?

«በመጪው ሰኞ ከአጎቴ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ…»

እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው ተናጋሪው ይሂድ ወይም ይቅር ገና አያውቅም። ፍርዱ ያለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው፤ «እሄዳለሁ» ወይም «አልሄድም»። አማርኛ ግሱን ለመጨረሻ ስለሚያቆይ፣ ሰሚው ዓረፍተ ነገሩ እስኪዘጋ ድረስ በግምት ይጠብቃል። የሁለት ሰዎችን ንግግር የሚቆርጥ የፊልም ኤዲተር ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል። በዚያች የመጠባበቂያ ሰከንድ ካሜራው የማንን ፊት ያሳይ?

መልሱን በአንድ አጭር ትዕይንት ላይ እንፈልገው። ትዕይንቱን ለማሳያ ብዬ የጻፍኩት ነው፤ ችግሩ ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የታወቀ ነው። መሬቱ ጠባብና የተራቆተ በመሆኑ ብዙ ወጣቶች በየዓመቱ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ሰሊጡ የሚታጨደው ግን የደጋው እህል ገና ሳይሰበሰብ ነው። ስለዚህ የልጁ ጉዞ የእናትን ማሳ ያለ አጫጅ ያስቀራል። ቦታው ከነፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ያለ ቤት ነው። እናት ቡና አፍልታ ተቀምጣለች፣ ልጅ ጋቢውን ደርቦ ከፊቷ ተቀምጧል።

«አጎትህ ትናንት መጥቶ ነበር።»
«ሰምቻለሁ።»
«የነገረኝ እውነት ነው?»
«በመጪው ሰኞ ከእሱ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እሄዳለሁ።»
«ገብሱንስ ማን ሊያጭደው ነው?»

ካሜራው አንድ ነው። ትዕይንቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ጊዜ ይቀረፃል፦ አንዴ ሁለቱንም ከሩቅ፣ አንዴ የልጁን ፊት ብቻ፣ አንዴ የእናትን ፊት ብቻ። ኤዲተሩ እጅ የሚገባው ይህ ነው።

ጀማሪ ኤዲተር መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። እናት ስትናገር እናትን፣ ልጅ ሲናገር ልጅን ያሳያል። ተናጋሪው በተቀየረ ቁጥር ምስሉም ድምፁም በአንድ ፍሬም ላይ አብረው ይቆረጣሉ። ብዙ ተከታታይ ድራማዎቻችን ላይ የምናየው አቆራረጥ ይኸው ነው። ስህተቱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቆረጣ ላይ አይታወቅም፤ ከአምስተኛው በኋላ ግን ተመልካቹ ቀጣዩ ቆረጣ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ሰዎቹም እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሳይሆን በየተራ ጽሑፍ የሚያነቡ ይመስላሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሚሰማውን ሰው ፈጽሞ አለማየታችን ነው። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ነገሩ የሚደርስባት ግን ሰሚዋ ናት።

ወደ ልጁ ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ቀረፃው በእኛ አገር ቴሌቪዥን ልማድ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው እንበል፤ ዓረፍተ ነገሩም አራት ሰከንድ፣ ማለትም 100 ፍሬም ይፈጃል። «እሄዳለሁ» የምትለው ቃል የመጨረሻዎቹን 20 ፍሬሞች ያህል ትይዛለች። ምስሉን ከቃሉ በኋላ ብንቆርጥ እናትን የምናገኛት ከደነገጠች በኋላ ነው፣ ድንጋጤው አምልጦናል። በቃሉ መጀመሪያ ላይ ብንቆርጥ ደግሞ የተመልካቹ ዓይን አዲሱ ምስል ላይ ገና እየተላመደ ሳለ ቃሉ ያልቃል። እኔ የምመርጠው «ወደ መተማ» ከመባሉ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ 60ኛው ፍሬም አካባቢ ነው። ልጁ ከምስሉ ይወጣል፣ ድምፁ ግን በእናቱ ፊት ላይ ለ40 ፍሬም ይቀጥላል። «ሰሊጥ» የሚለውን ሰምታለች፣ ገምታለች፤ ነገር ግን ግሱ ገና አልመጣም። ምናልባት «አልሄድም» ሊል ይችላል። ያንን ተስፋ ፊቷ ላይ እናየዋለን፣ ሲጠፋም እናየዋለን።

የዚህ ቆረጣ ስሙ ኤል-ከት ነው። ታይምላይን ላይ ምስሉ ከላይ፣ ድምፁ ከታች ይደረደራል፤ የልጁ ምስል አጥሮ ድምፁ ከሥሩ ወደ ቀኝ ሲረዝም ቅርፁ የላቲኑን L ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። በፕሪሚየር መጀመሪያ ምስልና ድምፅ አንድ ላይ ይቆረጣሉ፣ ከዚያ Rolling Edit Tool ተመርጦ፣ Alt እንደተጫኑ የምስሉን መገጣጠሚያ ብቻ ወደ ግራ መሳብ ነው። ድምፁ ከቦታው አይነቃነቅም።

ከ«እሄዳለሁ» በኋላ ዝምታ ይመጣል። እዚህ ላይ ከውጭ መማሪያ የተቀዳ ልማድ ሊያሳስተን ይችላል። ተዋንያን በየተራ ሲቀረፁ በንግግሮቹ መሀል ባዶ ጊዜ ይተዋሉ፤ ኤዲተሩም ያንን ባዶ ጊዜ ወደ አምስትና ስድስት ፍሬም አሳጥሮ ንግግሩን እንዲያፋጥን ይመከራል። ለብዙ ቦታ ትክክል ነው። ነገር ግን በገጠር ቤት አንድ ወጣት ለታላቁ ሲመልስ ቃሉን ከአፉ ላይ አይነጥቅም። «የነገረኝ እውነት ነው?» በተባለ በአምስተኛው ፍሬም ላይ ቢመልስ፣ ተዋናዩ ምንም ያህል አንገቱን ቢደፋ፣ ልጁ ባለጌ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከእሱ መልስ በፊት አንድ ሰከንድ ያህል እተዋለሁ። እናት ግን እንዲህ ዓይነት ግዴታ የለባትም። «ሰምቻለሁ» እንዳለ ጥያቄዋን ወዲያው ልታስከትል ትችላለች፤ እንዲያውም በቃሉ መጨረሻ ላይ በሰባት ወይም ስምንት ፍሬም ብትደርብበት ጭንቀቷ ይሰማል። የትዕይንቱ ምት የሚወለደው ከዚህ አለመመጣጠን ነው፦ እሷ ትቀድማለች፣ እሱ ይዘገያል። ትልቁ ዝምታ ደግሞ ለመጨረሻው ይቀመጣል። ከ«እሄዳለሁ» በኋላ በእናት ፊት ላይ ሁለት ሰከንድ እንቆያለን።

ድምፅን እንዲህ ለመደረብ ቀረፃው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማ ዝም አይልም፤ «እህ» ይላል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ይላል። በልጁ ቀረፃ ላይ የእናት «እህ» ከልጁ ቃል ጋር ተደርቦ ከተቀዳ፣ በኋላ ያንን ቃል ወደ እናት ፊት ማሻገር አይቻልም፤ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ድምፅዋ ይሰማልና። ስለዚህ የአንዱ ፊት ብቻ ሲቀረፅ ሌላው ተዋናይ ከመደረብ ይቆጠባል። «እህ»ዋ በራሷ ቀረፃ ላይ ንጹሕ ሆና ትቀዳለች፣ ቦታዋን ኤዲተሩ ይሰጣታል።

ከሁለቱ ሰከንዶች በኋላ ወደ ልጁ እንቆርጣለን። መሬት መሬት እያየ ነው። «ገብሱንስ…» የሚለው የእናት ድምፅ በእሱ ምስል ላይ ይጀምራል፣ እሷ ገና አልታየችም። ይህ ጄ-ከት ነው፤ ድምፅ ከምስሉ ቀድሞ ይገባል፣ ታይምላይኑ ላይም የእናት ድምፅ ከምስሏ ሥር ወደ ግራ ይወጣል። ልጁ ድምፅዋን ሲሰማ ቀና ይላል። ወደ እናት የምንቆርጠው ቀና ማለት እንደጀመረ፣ እንቅስቃሴው ሳያልቅ ነው። ተመልካቹም እሱ ሊያያት በሚፈልግበት ቅጽበት እሷን ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቆረጣው አይታወቀውም።

በእንቅስቃሴ ላይ መቁረጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ወደ ሩቁ ምስል ስንመለስ ነው። እናት ጥያቄዋን ጠይቃ መልስ ሳትጠብቅ ጀበናውን ታነሳለች። በፊቷ ቀረፃ ላይ ክንዷ ይነሳል፣ በሩቁ ቀረፃ ላይ ቡናው ስኒ ውስጥ ይንቆረቆራል። መቁረጫው ክንዷ መንገዱን ሲሶ ያህል እንደሄደ ነው። እንቅስቃሴው ሳይጀመር ከቆረጥን ምስሉ ዘለለ እንላለን፤ ካለቀ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሁለት የተቀጣጠሉ ፎቶግራፎች ይመስላሉ። አሜሪካዊው ኤዲተርና ዳይሬክተር ኤድዋርድ ድሚትሪክ ሁለተኛው ምስል ከሦስት እስከ አምስት ፍሬም ወደ ኋላ ተመልሶ እንቅስቃሴውን በትንሹ እንዲደግም ይመክር ነበር፤ ዓይን አዲሱን ምስል እስኪለምድ ጥቂት ፍሬም ያመልጠዋልና። በቁጥር ድግግሞሽ ነው፣ ሲታይ ግን ይለሰልሳል።

ይህን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቀረፃው ነው። በአንደኛው ቀረፃ ጀበናውን በቀኝ እጇ፣ በሌላው በግራዋ ታነሳለች። ወይም በሦስተኛው ድግግሞሽ ተዋናይቷ ደክማ ቀስ ብላ ታነሳለች፤ እጁ አንድ ሆኖ ፍጥነቱ ሲለይ ኤዲተሩ የሚያድንበት መንገድ ትንሽ ነው። እንዲህ ሲሆን እንቅስቃሴውን ትቼ በልጁ ፊት ላይ እቆያለሁ፣ የቡናውን መንቆርቆር በድምፅ ብቻ አሰማለሁ።

ሁሉም ንግግር እንዲህ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የገበሬዎቹን ኑሮ በረጃጅም፣ ብዙም በማይቆረጡ ምስሎች ይከተላል፤ ዝግታው የሥራቸው ዝግታ ነው። ታዋቂው ኤዲተር ዋልተር መርችም ለመቁረጥ ምክንያት የሚሆኑትን ሲመዝን ለስሜት 51 ከመቶ፣ ለምት 10 ከመቶ ብቻ ነው የሰጠው። በእኛ ትዕይንትም እናትና ልጅን በሩቁ ምስል ላይ የሚጫወቱት ተዋንያን ነገሩን ሁሉ በአካላቸው ካሳዩ፣ ከላይ የዘረዘርኩትን ትቼ ሳልቆርጥ ባሳየው እመርጣለሁ።

ቆረጥኩም አልቆረጥኩም ግን ሁለት ፈተና አደርጋለሁ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ከፊታቸው ካልገባኝ ሰሚዋን በበቂ አላሳየሁም ማለት ነው። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍኜ እሰማለሁ፤ እዚህ ላይ የሚጋለጠው ነፋሱ ነው። በጉና አካባቢ ደጋ ነፋስ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። የእናት ቀረፃ ጠዋት፣ የልጅ ቀረፃ ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ በገባ ቁጥር የነፋሱ ሹክሹክታ አብሮ ይቀየራል፣ ጄ-ከቱም ራሱን ያጋልጣል። መድኃኒቱ ማንም ሳይናገር የቤቱን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቀድቶ ከትዕይንቱ ሁሉ ሥር መዘርጋት ነው።

ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ስንሻገርም ጄ-ከት ይሠራል። እናት ለጥያቄዋ መልስ ሳታገኝ፣ ገና በቤቱ ውስጥ ሳለን፣ የአይሱዙ ክላክስ ይሰማል፤ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በኋላ ምስሉ ወደ ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አስፋልት ዳር ይገባል። ርዝመቱን የሚወስነው ርቀቱ ነው። ቤቱ መንገድ ዳር ከሆነ ተመልካቹ ክላክሱን የዚያው ቀን መኪና አድርጎ ስለሚሰማው ከ15 ፍሬም በላይ አላስቀድመውም፤ ቤቱ ከመንገድ የራቀ መሆኑን ቀደም ብለን ካሳየን ግን ሁለት ሰከንድም ቢቀድም አያደናግርም።