በዓሣ ኩሬ ውስጥ የኃይል ፍሰት፦ የሚበላው ከበላተኛው ያነሰ ሆኖ ሲታይ

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በደዶና በጅማ ዙሪያ ባሉ ሌሎች ወረዳዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የዓሣ ኩሬ ላላቸው ወይም ለመቆፈር ላሰቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። የኩሬ ባለቤቶች ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣሉ። አንደኛው፣ ቆሮሶ የሚመገበው ውኃውን አረንጓዴ የሚያስመስለውን አልጌ ከሆነ፣ አልጌው ተጠልሎ ሲመዘን ከዓሣው በብዙ እጅ የሚያንሰው ለምንድን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ ዓሣ በዚያች ጥቂት አልጌ ከኖረ ተጨማሪ የዓሣ ጫጩት ቢገባ ምን ችግር አለው? የሚል ነው። ለሁለቱም መልስ የሚሆነው አንድ ነገር ነው። ይኸውም በአንድ ጊዜ ቆሞ የሚታየውን ክብደት በጊዜ ውስጥ ከሚያልፈው ኃይል ለይቶ ማየት ነው። ይህን አለመለየት ማኅበሩን ለጫጩት ያወጣውን ገንዘብና የአንድ ወቅት ምርት ሊያሳጣው ይችላል።

1. ኃይል ከየት ወዴት ይሄዳል?

የኩሬው ኃይል ምንጭ ፀሐይ ናት። አልጌ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግብ ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው የምግብ እርከን አልጌ ነው። አልጌውን የሚበላው ቆሮሶ በሁለተኛው እርከን፣ ቆሮሶውን የሚበላው አምባዛ በሦስተኛው እርከን ላይ ይቆማል።

ኃይል ከእርከን ወደ እርከን ሲያልፍ ሙሉ በሙሉ አይተላለፍም። ከአልጌው ከፊሉ ሳይበላ ሞቶ ወደ ኩሬው ወለል ይወርዳል። ከተበላው ውስጥ ከፊሉ ሳይፈጭ በኩስ መልክ ይወጣል። በሰውነት ውስጥ ከገባው ደግሞ አብዛኛው ለመተንፈስ፣ ለመዋኘትና ሰውነትን ለመጠገን ተቃጥሎ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የቀረው ብቻ ሥጋ ይሆናል። ሙቀት ሆኖ የወጣ ኃይል ወደ አልጌው አይመለስም። ስለዚህ ኃይል እንደ ፍግ ተመልሶ አያገለግልም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል።

2. ብቃቱ እንዴት ይሰላል?

የአንድ እርከን የኃይል ብቃት የሚገኘው በዚያ እርከን በተወሰነ ጊዜ የተመረተውን ኃይል ከበታቹ ባለው እርከን በዚያው ጊዜ ለተመረተው ኃይል አካፍሎ በ100 በማባዛት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ መለኪያ፣ ለአንድ ስፋትና ለአንድ ጊዜ የተሰሉ መሆን አለባቸው።

ለምሳሌ ያህል 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ በፍግ የሚዳብር ኩሬ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ስለሆኑ እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ልኬት መተካት አለበት። በኩሬው በአንድ ካሬ ሜትር 2 ቆሮሶዎች አሉ። በወሩ መጀመሪያ የእያንዳንዱ አማካይ ክብደት 60 ግራም ነበር፤ ከ30 ቀን በኋላ 72 ግራም ሆነ። እያንዳንዱ ዓሣ 12 ግራም፣ ሁለቱ 24 ግራም ጨመሩ ማለት ነው። አንድ ግራም እርጥብ ዓሣ በግምት 1 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ የወሩ የዓሣ ምርት በካሬ ሜትር 24 ኪሎ ካሎሪ ነው።

አልጌው በበኩሉ በቀን 20 ኪሎ ካሎሪ የተጣራ ምርት ይሰጣል እንበል። ይህም በ30 ቀን 600 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ስለዚህ፦

24 ÷ 600 × 100 = 4 በመቶ

ይህ 4 በመቶ ከሦስት ክፍሎች የተገነባ ነው። ከ600ው ውስጥ ዓሣው የበላው 200 ቢሆን፣ ከ200ው ወደ ሰውነቱ የገባው 120 ቢሆን፣ ከ120ው ሥጋ የሆነው 24 ነው። ቀሪው 96 ዓሣውን በሕይወት ለማቆየት ተቃጥሏል። ይህን 96 አንባቢው እንዲያስታውሰው ያስፈልጋል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በተፈጥሮ ውኃዎች የተገኙት ውጤቶችም ከዚህ እጅግ የራቁ አይደሉም። ኦዱም የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በፍሎሪዳ በሲልቨር ስፕሪንግስ ምንጭ ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያወጣ፣ ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ የገባው ኃይል ከዕፀዋት ወደ ዕፀ በሎች 16 በመቶ፣ ከዚያ ወደ ሥጋ በሎች 11 በመቶ፣ ወደ መጨረሻዎቹ ሥጋ በሎች 5 በመቶ ያህል ነበር። በጥቅሉ የሚጠቀሰው 10 በመቶ አማካይ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም።

የአልጌውን ምርት ለመለካት ሁለት ግልጽ ጠርሙሶች በኩሬው ውኃ ተሞልተው፣ አንዱ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በአንድ ጥልቀት ላይ ለጥቂት ሰዓታት ይንጠለጠላሉ። ብርሃን ባገኘው ጠርሙስ ኦክሲጅን ይጨምራል፤ በተጠቀለለው ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአልጌውን ጠቅላላ ምርት ያመለክታል፤ አልጌው ቀንና ሌሊት ለራሱ የሚተነፍሰው ሲቀነስ የተጣራው ምርት ይገኛል። አንድ ግራም ኦክሲጅን ወደ 3.5 ኪሎ ካሎሪ ይመነዘራል። ብርሃን ከላይ ወደ ታች ስለሚደክም ልኬቱ በተለያየ ጥልቀት መደገም አለበት። የኦክሲጅን መለኪያ የሌለው ማኅበር በቅርቡ ያለን ቤተ ሙከራ እርዳታ መጠየቅ ይኖርበታል።

3. ፒራሚዱ ለምን ተገልብጦ ይታያል?

እርከኖቹን በክብደታቸው መጠን ደራርበን ብንሥላቸው የባዮማስ፣ ማለትም የሕያው ክብደት ፒራሚድ እናገኛለን። በጅማ የቡና ጫካ ይህ ፒራሚድ እግሩ ሰፊ፣ አናቱ ጠባብ ነው። ዋንዛው፣ ብሳናውና ሳሳው ለብዙ ዓመታት ያከማቹት እንጨት ቅጠላቸውን ከሚበሉት ነፍሳትና እንስሳት ሁሉ እጅግ ይከብዳል። ዓይናችን የለመደው ይህንን ስለሆነ በኩሬ የምናየው ያስገርመናል።

በምሳሌው ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር ቆሞ የሚገኘው አልጌ በደረቁ 8 ግራም፣ በኃይል 40 ኪሎ ካሎሪ ነው እንበል። ዓሣው በወሩ አማካይ 132 ግራም፣ ማለትም 132 ኪሎ ካሎሪ ነው። ስለዚህ በላተኛው ከሚበላው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ፒራሚዱ ተገልብጧል። እርጥብን ከደረቅ ጋር በማነጻጸራችን የመጣ ስሕተት እንዳይመስል፣ ዓሣው ደርቆ ከአምስት አንድ ያህል ቢቀር እንኳ 26 ግራም ነው፤ አሁንም ከ8 ግራም ይበልጣል።

ምክንያቱ የዕድሜ ልዩነት ነው። 40 ኪሎ ካሎሪ የሆነው አልጌ በቀን 20 ካመረተ በሁለት ቀን ራሱን ይተካል። በወር ውስጥ 15 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። በየቀኑ ስለሚበላና ስለሚሞት ግን ክምችቱ አያድግም። ዓሣው በአንጻሩ የበላውን ለወራት በሰውነቱ ያከማቻል። ነገሩ እንደ ምንጭና እንደ ጋን ነው። በምንጩ አፍ ላይ በአንድ አፍታ የሚታየው ውኃ ጥቂት ነው፤ ጋኑን የሚሞላው ግን እርሱ ነው።

በወሩ ያለፈውን ኃይል ብንሥል አልጌው 600፣ ዓሣው 24 ሆኖ ፒራሚዱ በእግሩ ይቆማል። የኃይል ፒራሚድ መቼም አይገለበጥም። ይህ በባሕርም የታወቀ ነው፤ በእንግሊዝ ቻናል በተደረገ ልኬት በካሬ ሜትር 4 ግራም ደቃቅ ዕፀዋት 21 ግራም ደቃቅ እንስሳትን ሲመግቡ ተገኝተዋል።

አንድ ማኅበር ሲያሰላ የዓሣው ምርት ከአልጌው ምርት እኩል ወይም በላይ ሆኖ ቢያገኘው የተፈጥሮ ሕግ ተሽሯል ማለት አይደለም። ያልተቆጠረ ምግብ አለ ማለት ነው። ፉርሽካ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ ወደ ውኃው የሚረግፍ ቅጠል፣ ፍጉን በሚያበሰብሱ ደቃቅ ሕዋሳት በኩል የሚገኝ ምግብ ሁሉ ተደምሮ ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት።

4. ዓሣው በእጥፍ ቢጨመር ምን ይሆናል?

አሁን ወደ 96ቱ እንመለስ። በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣዎችን በሕይወት ለማቆየት በወር 96 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል። ዓሣው አራት ከሆነ ይህ ወጪ 192 ይሆናል። ከአልጌው ምርት ዓሣው ሊደርስበት የሚችለው 300 ቢሆን፣ ወደ ሰውነት የሚገባው 180 ብቻ ነው። ገቢው ከወጪው በ12 ያንሳል። ስለዚህ 800 ዓሣ የያዘው ኩሬ 400 ከያዘው የበለጠ ሥጋ መስጠቱ ቀርቶ ዓሣዎቹ ይከሳሉ። በመጀመሪያው አኳኋን ግን ኩሬው በወር 4.8 ኪሎ ግራም አዲስ ሥጋ ይሰጥ ነበር። ከዚህም ሌላ አልጌው ከመጠን በላይ ሲበላ ዘር የሚሆነው ክምችት ስለሚመናመን የነገው ምርት ራሱ ይቀንሳል።

በቆሮሶ ላይ አምባዛ መጨመርም በዚሁ ሚዛን ይታያል። ከ24ቱ 10 በመቶው ብቻ ወደ አምባዛ ሥጋ ቢያልፍ 2.4 ነው። አምባዛን ለሥጋው ብሎ በቆሮሶ መቀለብ አያዋጣም። ጥቂት አምባዛ የሚጠቅመው ቆሮሶ ከመጠን በላይ ሲራባ ጫጩቶቹን ለማሳሳት ነው።

5. በኩሬው ዳር የሚታዩ ምልክቶች

በየወሩ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ዓሣዎች በመረብ ተይዘው፣ በአንድነት ተመዝነው፣ አማካዩ ይመዝገብ። አማካይ ክብደቱ ካልጨመረ ኩሬው የሚያመርተውን ሁሉ ለማቆያ እየከፈለ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ከፊሉን ዓሣ ማውጣት ወይም ምግብ መጨመር ነው እንጂ ጫጩት መጨመር አይደለም።

የውኃውን አረንጓዴነት ለመገመት ክንድ ወደ ውኃው ይገባል። ውኃው ክርን ሲደርስ መዳፍ ከጠፋ አልጌው በቂ ነው። መዳፉ በግልጽ ከታየ አልጌው አንሷል። ከክርን በፊት ፈጥኖ ከጠፋ ደግሞ አልጌው ስለበዛ ፍግ መጨመር ይቆማል፤ አለዚያ አልጌው ሌሊት በሚተነፍስበት ጊዜ ኦክሲጅን አልቆ ዓሣው ንጋት ላይ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን ይከፍታል።

በክረምት ከደዶ ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ቀይ አፈር ስለሚያመጣ የክንዱ ፈተና ሊያሳስት ይችላል። ውኃውን በብርጭቆ ቀድቶ ማሳደር ይበጃል። አፈሩ ይዘቅጣል፣ አረንጓዴው ይቀራል። አፈር የበዛበት ኩሬ ብርሃን ስለማይገባው ፍግ ቢጨመርም አልጌ አያፈራም፤ መፍትሔው ጎርፉን በቦይ ማዞር ነው።

ሙቀትም ወሳኝ ነው። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ይወዳል፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዳከማል። ስለዚህ በወረዳው ከፍተኛ ቦታ ላይ አረንጓዴ ኩሬ ቢኖርም ብቃቱ ሊያንስ ይችላል። ለቆሮሶ የሚመረጠው ቆላማውና ወይና ደጋማው ክፍል ነው። ጫጩት ለመጠየቅ ወደ ሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ማኅበር የኩሬውን ስፋት፣ የውኃውን ሙቀትና የሦስት ወር የክብደት መዝገብ ይዞ ቢቀርብ ስንት ጫጩት እንደሚያስፈልገው በትክክል ለመወሰን ይቻላል።