የመጀመሪያው የማርፈድ ማስጠንቀቂያ እንዴት ይጻፋል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 አሠሪው የሥራ ውሉን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊያቋርጥ የሚችልባቸውን ጥፋቶች ሲዘረዝር ማርፈድን አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል። ሠራተኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ በጠቅላላው ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ሳያከብር ከቀረ ሊሰናበት ይችላል። በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል በቂ ተብሎ በተቀመጠ ምክንያት ያረፈደበት ቀን ግን አይቆጠርበትም። ስለዚህ የቀኖቹ ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሰጠት አለበት፣ መሰጠት ያለበትም ማርፈዱ ገና በሚታረምበት ጊዜ ነው። ስምንቱን ቀን ዝም ብሎ ቆጥሮ መጨረሻ ላይ አንድ ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ ሕጉ የሚፈልገውን አላደረገም። በቃል ደጋግሞ መቆጣትም የጽሑፉን ቦታ አይተካም። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ ይህ አዋጅ እነርሱን አይመለከትም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ትክክለኛ የሚሆነው ከመጻፉ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ማተሚያ ቤት የጥራዝ ክፍል የምትሠራ ሴት ትታሰብ። የሥራው መግቢያ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ለሰው ኃይል አስተዳደር በጻፈው ማስታወሻ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. አራት ቀን አርፍዳለች ይላል፤ ጥቅምት 4፣ 8፣ 11 እና 18። የአስተዳደሩ የመጀመሪያ ሥራ ይህን ማስታወሻ ከሰዓት መቆጣጠሪያው ጋር ማመሳከር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። የጣት አሻራ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግበው በአውሮፓውያን ቀንና ሰዓት ነው፤ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡25 የገባችው ሠራተኛ በመሣሪያው ላይ የምትገኘው በኦክቶበር 14፣ 2024፣ 8፡25 ላይ ነው። ቀኑ ሲለወጥ አንድ ቀን ከተዛነፈ ደብዳቤው ሠራተኛዋ በሰዓቷ በገባችበት ቀን ይከሳታል፤ ያ አንድ ስሕተት ሌላውን እውነት ሁሉ ያጠራጥራል። መሣሪያው መብራት ጠፍቶ ወይም ተበላሽቶ ያልሠራበት ቀን ካለም የፊርማ መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራ ሠራተኛዋን ጠርቶ መጠየቅ ነው። አዋጁ ለበቂ ምክንያት ቦታ ስለተወ፣ ምክንያቷን ሳይሰሙ መጻፍ ግማሹን ጉዳይ መዝለል ነው። በምሳሌው ሠራተኛዋ ስለ ጥቅምት 8 ስትጠየቅ ልጇ ታሞባት ጤና ጣቢያ እንደወሰደችው፣ ጠዋት ለክፍሉ ኃላፊ ስልክ ደውላ እንዳስፈቀደች ትናገራለች። ኃላፊውም ያስታውሳል፤ ማስታወሻውን ሲጽፍ ግን ዘሎታል። ይህ ቀን ከዝርዝሩ ይወጣል። ቀሪዎቹ ሦስት ቀኖች ሁሉም ሰኞ ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ትራንስፖርት እንደሚያስቸግራት ትገልጻለች። የማተሚያ ቤቱ የሥራ ደንብ የትራንስፖርት ችግርን በቂ ምክንያት አድርጎ ካላስቀመጠው ቀኖቹ ይቆጠራሉ። ያም ሆኖ መልሷ በደብዳቤው ውስጥ መግባት አለበት። ከዚህም ሌላ የክፍሉን የሌሎች ሠራተኞች መዝገብ ማየት ተገቢ ነው። በዚያው ሰኞ ሌሎች ሦስት ሰዎች አርፍደው አንዷ ብቻ ከተጻፈባት፣ ደብዳቤው ሐሰት ባይኖርበትም ፍትሐዊ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ቀንና የወጪ ቁጥር ይኖረዋል፤ «ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት» ይላል። ዋናው አካል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በድርጅታችን የሥራ ደንብ መሠረት የሥራ መግቢያ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡00 መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም በሰዓት መቆጣጠሪያው እንደተመዘገበው ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 2፡25፣ ጥቅምት 11 ቀን 2፡35፣ ጥቅምት 18 ቀን 2፡30 ገብተዋል። ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ጉዳዩ ተጠይቀው ሰኞ ጠዋት ትራንስፖርት እንደሚቸግርዎ ገልጸዋል። ምክንያቱ በሥራ ደንቡ ማርፈድን ከሚያስፈቅዱት መካከል ባለመሆኑ ይህ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል። ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት እንዲገኙ፣ የሚያዘገይ ችግር ሲገጥምዎም ከ2፡00 በፊት ለክፍል ኃላፊዎ በስልክ እንዲያሳውቁ እናሳስባለን። ማርፈዱ ከቀጠለ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 እና በሥራ ደንቡ መሠረት ተጨማሪ እርምጃ የሚወሰድ መሆኑን እናስታውቃለን። በዚህ ደብዳቤ ላይ አስተያየት ካለዎት በጽሑፍ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ከማህደርዎ ጋር ይያያዛል።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ግዴለሽ»፣ «ሁልጊዜ የሚያረፍዱ»፣ «ለሥራዎ ክብር የሌለዎት» የሚሉ ቃላት የሉም፤ ሊኖሩም አይገባም። ሦስቱ ቀኖችና ሰዓቶች ሊረጋገጡ ይችላሉ፣ የሰው ጠባይ ግን በመዝገብ አይረጋገጥም። ሠራተኛዋ ስድቡን ስትመልስ ዋናው ጉዳይ ይረሳል። በአክብሮት መጻፉም ለይስሙላ አይደለም፤ ተቀባይዋ ነገ ጠዋት እዚያው ክፍል ሥራ የምትገባ ሰው ናት።

አንዳንድ አሠሪዎች በዚሁ ደብዳቤ ላይ የደመወዝ ቅጣት ይጨምራሉ። ይህን ማድረግ የሚቻለው መሠረት ሲኖረው ብቻ ነው። አንቀጽ 59 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ከደመወዝ ላይ መቁረጥን ይከለክላል፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ኃላፊው በራሱ የወሰነው ቅጣት የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ ሠራተኛዋን ጥፋተኛ ከማድረግ ይልቅ ድርጅቱን ተጠያቂ ያደርጋል።

ደብዳቤው በእጅ ይሰጣል፣ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይሰፍርበታል። ፊርማው መቀበልን እንጂ ጥፋትን ማመንን እንደማያሳይ ለሠራተኛዋ መንገር ጥሩ ነው፤ አልፈርምም የሚሉ ብዙዎች የሚፈሩት ይህንኑ ነው። ካልፈረመች ደብዳቤው ሲሰጣት የነበሩ ሁለት ሰዎች ስማቸውን፣ ቀኑንና «ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም» የሚለውን ጽፈው ይፈርማሉ። በኋላ ተቀነባበረ እንዳይባል ይህ በዚያው ቀን መደረግ አለበት። የተፈረመው ቅጂ፣ ከሰዓት መቆጣጠሪያው የወጣው ህትመትና የሠራተኛዋ መልስ በግል ማህደሯ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ማስጠንቀቂያው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጸና በሥራ ደንቡ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ቢጻፍ ይሻላል፤ ያለዚያ ከዓመታት በፊት የተሰጠ ደብዳቤ ከማህደር እየወጣ ክርክር ያስነሣል።

ማርፈዱ ቀጥሎ ስምንት ከሞላ፣ አሠሪው የማሰናበት መብቱን ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። የስንብት ደብዳቤውም በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ አለበት። ሠራተኛዋ ስንብቱን ተቃውማ ፍርድ ቤት ከሄደች የሥራ ክርክር ችሎቱ ፊት የሚቀርበው ከዚያ ማህደር የሚወጣው ወረቀት ነው።