ዘንጉን በጀርባ

በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ዲክ ፎስበሪ የተባለው አሜሪካዊ የከፍታ ዝላይ ተወዳዳሪ ዘንጉን በጀርባው ተሻግሮ 2.24 ሜትር ዘለለና ወርቁን ወሰደ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ዘላዮች ዘንጉን የሚያልፉት ሆዳቸውን ወደ ታች አድርገው ነበር። ዛሬ በትላልቅ ውድድሮች የፎስበሪን መንገድ የማይከተል ዘላይ ማግኘት ይቸግራል።

ምስጢሩ ያለው የስበት ማዕከል ላይ ነው። ይህ የሰውነት ክብደት ሁሉ የተሰበሰበበት ያህል የሚቆጠር ነጥብ ሲሆን፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው እምብርት አካባቢ ይገኛል። ሰውነት ቅርጹን ሲለውጥ ግን ነጥቡም ቦታውን ይለውጣል፤ ከአካል ውጭ ሊሆንም ይችላል። የአምባር የስበት ማዕከል መሀል ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ ጀርባውን እንደ ቅስት የለመጠ ዘላይም ማዕከሉ ከወገቡ በታች አየር ላይ ይቀራል። በመሆኑም ሰውነቱ ተራ በተራ ከዘንጉ በላይ ሲያልፍ ማዕከሉ ከዘንጉ በታች ሊያልፍ ይችላል። በዚያው የመስፈንጠር አቅም ከፍ ያለ ዘንግ ይታለፋል ማለት ነው።

እግር መሬት ከለቀቀ በኋላ ግን የማዕከሉን ጉዞ የሚለውጥ ነገር የለም። አየር ላይ መወራጨት የአካል ክፍሎችን ቦታ ያለዋውጣል እንጂ ማዕከሉን አንዲት ሴንቲ ሜትር ከፍ አያደርግም። ከፍታው የሚወሰነው እግሩ መሬትን በሚገፋበት፣ መሬትም መልሳ በምትገፋው እጅግ አጭር ቅጽበት ነው።

በዚያች ቅጽበት እግር እንደ ሌቨር ይሠራል። መዞሪያው ቁርጭምጭሚት ነው። መሬት የምትገፋው የፊት መዳፍ ከመዞሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የባት ጡንቻ የሚጎትተው የተረከዝ ጅማት ደግሞ በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በአንድ እግሩ ጣቶች ሲቆም፣ ጅማቱ የክብደቱን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም የ210 ኪሎ ያህል ጭነት ይሸከማል። ዝላይ ላይ ከዚህም ይበልጣል። ባትና ተረከዝ ሳይሟሟቁ መዝለል ለጉዳት የሚያጋልጠው ለዚህ ነው።

ሚዛንም የራሱ ድርሻ አለው። ዘላዩ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች በቅስት መስመር ይሮጣል፤ ሰውነቱም ወደ ቅስቱ ውስጥ፣ ከዘንጉ በተቃራኒ ያዘነብላል። መሬት ሲለቅ ይህ ዘመማ ይቃናና ሰውነቱን ወደ ዘንጉ ያዞረዋል። ቶሎ ወደ ዘንጉ ያዘነበለ ግን ከፍ ከማለት ይልቅ ዘንጉ ላይ ይወድቃል። ዘንጉ ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ከተመታ፣ መነሻው ለዘንጉ ቀርቧል፤ ቁልቁል ሲወርድ ከተመታ ደግሞ ርቋል። መምህሩ የመነሻውን ምልክት በዚህ መሠረት ያስተካክላል።

ይህ ስልት ግን ወፍራምና ለስላሳ ፍራሽ ይፈልጋል፤ ዘላዩ የሚያርፈው በትከሻውና በጀርባው ነውና። አሸዋ ብቻ ባለበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በእግራቸው የሚያርፉበትን የመቀስ ዝላይ ይለማመዱ፤ አንገታቸውን ለአደጋ አያጋልጡ።