ደረሰኝ ብቻውን አያስከፍልም

በመሥሪያ ቤታቸው በኩል የጤና መድን የተገባላቸው ሠራተኞች ዘንድ አንድ ምክር ሥር ሰዷል፦ «ደረሰኙን ብቻ ያዝ፣ ገንዘብህ ይመለሳል።» ምክሩ መነሻ የለውም አይባልም። የነዳጅም ሆነ የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ የሚወራረደው በሕጋዊ ደረሰኝ ነው፤ ሒሳብ ክፍል ከዚያ ያለፈ ብዙም አይጠይቅም። መድኃኒት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ደረሰኝ የሚመሰክረው ገንዘብ ከኪስ መውጣቱን ነው። መድን ሰጪው ማወቅ የሚፈልገው መድኃኒቱ በውሉ ለተመዘገበው ሰው መታዘዙን፣ ለየትኛው ሕመም እንደሆነና መጠኑን ነው፤ ይህን የሚነግረው ደግሞ የሐኪሙ ማዘዣ ነው። ይህን ልዩነት ሳያጣሩ «ችግር የለውም፣ ይከፈልሃል» የሚሉ የቢሮ አዋቂዎች ኪሳራው የሌላ ሰው መሆኑን የሚዘነጉት ይመስላል።

ምክሩን ይበልጥ ጎጂ የሚያደርገው የፋርማሲው አሠራር ነው። ፋርማሲ ዋናውን ማዘዣ ለታካሚው አይመልስም፤ ቢያንስ ለ2 ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ስለዚህ ደረሰኙን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ዋናውን ማስረጃ መስኮቱ ላይ ትቶ ሄዷል ማለት ነው። መፍትሔው ማዘዣውን ከማስረከብ በፊት ፎቶ ኮፒ ማድረግና ኮፒው ላይ የፋርማሲውን ማኅተም ማስመታት ነው። ከዚያም በፊት፣ ገና ከጤና ተቋሙ ሳይወጡ፣ ማዘዣውን ማየት ይገባል፦ ስሙ በመድን መታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፉን፣ ቀኑን፣ የበሽታውን ስም፣ የሐኪሙን ስምና ፊርማ፣ የተቋሙን ማኅተም። ማኅተም የሌለው ማዘዣ ዋጋ የለውም። በጥድፊያ ባዶ የሚቀረው ግን ብዙውን ጊዜ የበሽታው ስም የሚጻፍበት ቦታ ነው፤ እሱ ከሌለ የመድን ሰጪው መርማሪ መድኃኒቱ በውሉ ይሸፈን እንደሆነ የሚመዝንበት ነገር የለውም።

አንድ የክፍያ ጥያቄ እንዴት እንደሚመረመር በምሳሌ እንየው። ማዘዣው አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይላል። መርማሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ማባዛት ነው፦ 21 ፍሬ። ደረሰኙ ላይ ያለው 30 ፍሬ ነው እንበል፤ አንዱ 12 ብር ቢሆን ጥያቄው 360 ብር ይሆናል፣ ማዘዣው የሚደግፈው ግን 252 ብሩን ብቻ ነው። የ108 ብሩ ልዩነት ይቀነሳል ወይም ወረቀቱ ማብራሪያ ተፈልጎ ይመለሳል። ደረሰኙ «መድኃኒት» ብሎ ጠቅላላ ዋጋ ብቻ ጽፎ ቢሆን ደግሞ ይህን ስሌት መሥራትም አይቻልም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ ብዛትና ነጠላ ዋጋ የያዘ ደረሰኝ መጠየቅ ያስፈልጋል። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀትና በጊዜ ስለሚደበዝዝ እሱንም በዕለቱ ኮፒ ማድረግ ይበጃል።

«ይህ ሁሉ ላለመክፈል የሚፈለግ ሰበብ ነው» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ከፊሉ እውነት አለው። ሐኪሙ ሳይሞላው ለቀረው ቦታ ታካሚው መቀጣቱ ፍትሐዊ አይመስልም፤ መድን ሰጪው ራሱ ለተቋሙ ስልክ ደውሎ ማጣራት አለበት ቢባል ለመቃወም ይከብደኛል፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ጥያቄ ይህን ማድረግ ይቻላል ብዬ ግን አልደፍርም። ቁጥር ማመሳከሩን ግን ሰበብ ማለት አይቻልም። በአንድ ማዘዣ ሁለት ጊዜ መጠየቅ፣ ላልተመዘገበ ዘመድ በራስ ስም ማሳዘዝ፣ የታዘዘው ሳይሆን ሌላ ዕቃ ገዝቶ «መድኃኒት» ማስባል የሚታወቁ ማጭበርበሪያዎች ናቸው፤ የሚያዙትም በዚሁ ማመሳከር ነው። የጎደለውን በራስ እስክሪብቶ መሙላት ወይም ቀን መደለዝ ደግሞ ንጹሑን ጥያቄ ከእነዚህ ተርታ ያሰልፈዋል። ማስተካከል የሚችለው ያዘዘው ሐኪም ነው፤ ስህተቱን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ ትክክለኛውን ጽፎ ይፈርምበታል።

ሌሎቹ እምነቶች ብዙ አያነጋግሩም። «ሐኪም ያዘዘው ሁሉ ይከፈላል» የሚለው ስህተት ነው፤ ቫይታሚንና የቆዳ ማስዋቢያ በሐኪም ቢታዘዙም ከሽፋን ውጭ የሚያደርጉ ውሎች አሉ። ማዘዣው ላይ ያለው ስምና የተገዛው መድኃኒት የንግድ ስም ስለተለያየ ብቻ ጥያቄው ይወድቃል ማለትም ልክ አይደለም፤ መድኃኒቱና ጥንካሬው አንድ ከሆነ ፋርማሲስቱ ኮፒው ላይ ይህንኑ ጽፎ ቢፈርም ይበቃል። የተመለሰ ሁሉ ወድቋል የሚለውም እንዲሁ ነው፦ «ይሟላ» ተብሎ የተመለሰና «አይሸፈንም» የተባለ ይለያያሉ። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ። ለማሟላት የተሰጠው ቀን በውሉ ላይ አለ፤ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ከግዢው ይሁን ወረቀቱ ከተመለሰበት ዕለት፣ አብሮ መነበብ አለበት።