ሦስት አለቆች፣ አንድ ቀጠሮ

«መቼ ይመችዎታል?» ተብሎ ለሦስት ኃላፊዎች የተላከ መልእክት ሳምንት ይፈጃል። ዋና ሥራ አስኪያጁ «ሰኞ ከምሳ በኋላ» ይላሉ፤ የፋይናንስ ኃላፊዋ ሰኞ ባንክ ቀጠሮ አለባቸው። ዱባይ ያሉት ሸሪክ ማክሰኞን ሲያቀርቡ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ማክሰኞን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል።

በጸሐፊነት በሠራሁባቸው ዓመታት ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ገና መልእክቱ ሳይጻፍ እንደሆነ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ለመገኘት በጣም የሚያስቸግረው ሰው ነው። እዚህ የዱባዩ ሸሪክ ናቸው፤ ለጸሐፊያቸው ተደውሎ ሁለት ክፍት ሰዓት ይገኛል። ሁለቱም ሰዓቶች በአዲስ አበባዎቹ አጀንዳ ላይ በእርሳስ ከተያዙ በኋላ ይህ ይላካል፦

«ጤና ይስጥልን። የብድር ውሉን የመጨረሻ ረቂቅ ለማጽደቅ 45 ደቂቃ በቪዲዮ እንድትገናኙ ሁለት ሰዓት ይዣለሁ።
ሀ) ማክሰኞ ጥር 19 (ጃንዋሪ 27)፣ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 4፡00፣ በዱባይ ከቀትር በፊት 11፡00
ለ) ረቡዕ ጥር 20 (ጃንዋሪ 28)፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 9፡00፣ በዱባይ ከቀትር በኋላ 4፡00
እስከ ነገ ሐሙስ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10፡00 ድረስ «ሀ» ወይም «ለ» ብላችሁ ብትመልሱልኝ ይበቃል። ለውጥ ካልደረሰኝ «ሀ»ን አጸናለሁ።»

ሁለቱ የሰዓት አጻጻፎች የግድ ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ «9 ሰዓት» ብዬ ብቻ ልኬ፣ ውጭ አገር ያሉት እንግዳ በጠዋቱ 9፡00 ስልክ ይዘው ጠብቀውናል። እኛ በቀን አቆጣጠራችን ስንጽፍ እሳቸው ያነበቡት በራሳቸው ነበር፤ ያን ቀን ያፈርኩት እስካሁን አይረሳኝም። ቀኑ ሐሙስ የተቆረጠውም በምክንያት ነው። ከ2022 ጃንዋሪ ጀምሮ በኤምሬትስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ የሚሠሩት እስከ ቀትር ብቻ ስለሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት መልስ መጠበቅ ሰኞን መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

«ካልደረሰኝ አጸናለሁ» የምትለው ሐረግ ነገሩን ትቋጫለች፤ ግን ለሁሉም አትሠራም። ፊርማቸው የሚያስፈልግ ሰው ዝም ካሉ ዝምታቸው እሺታ አይደለም፤ መልእክቱን ጭራሽ አላዩት ይሆናል። ሁለቱ «ሀ» ብለው የዱባዩ ሸሪክ ቢዘገዩ፣ ለሦስቱም ሌላ ማስታወሻ መላክ የቆመውን ክርክር እንደገና ይከፍታል። የሚሻለው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለጸሐፊያቸው ደውሎ «ሀን ላጽና?» ማለት ነው።

«ሀ» እንደጸና የስብሰባው ማስፈንጠሪያና ረቂቁ በአንድ መልእክት ለሦስቱም ይሄዳል። በዚያው ሰዓት ረቡዕ የተያዘው ከሦስቱም አጀንዳ ይሰረዛል፤ ካልተሰረዘ ያን ሰዓት ሌላ ሰው ሲጠይቅ «ተይዟል» ይባላል።