በር ያለው ዑደትና በር የሌለው ዑደት፦ የፕሮጀክትና የምርት የሕይወት ዑደት ልዩነት

የዛሬውን ገለጻዬን የምጀምረው በመግቢያ ኮርሱ ፈተና ላይ ካቀረብኩት አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አንድ አውሮፕላን ተመርቶ ለአየር መንገዶች ከተሸጠ በኋላ ባትሪው እሳት የማስነሣት አደጋ አሳየ። አምራቹም የባትሪውን ሥርዓት እንደገና ነድፎ፣ አስፈትኖና አስፈቅዶ ለወጠው። ይህ ሥራ የሚገኘው በየትኛው የሕይወት ዑደት ውስጥ ነው?»

ከፊሎቹ ተማሪዎች «በፕሮጀክቱ የመዝጊያ ምዕራፍ» ብለው መለሱ። ሌሎቹ ደግሞ «በምርቱ የሕይወት ዑደት ውስጥ ስለሆነ ፕሮጀክት አይደለም» አሉ። ሁለቱም መልሶች ነጥብ አላስገኙም። ስሕተቱ ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። «የሕይወት ዑደት» የሚለውን ስያሜ ሁለት የተለያዩ የሙያ መስኮች ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚጠቀሙበት የመጣ ነው። የምርት የሕይወት ዑደት የገበያ ጥናት ልጅ ነው፤ ቴዎዶር ሌቪት በ1965 በጻፈው ጽሑፍ በሥራ አመራር ዓለም በሰፊው እንዲታወቅ አድርጎታል። የፕሮጀክት የሕይወት ዑደት ግን ያደገው በምሕንድስናና በግንባታ ሥራ ውስጥ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምርት የሕይወት ዑደት በማስተዋወቅ ይጀምራል፤ ከዚያም እድገት፣ ብስለትና ማሽቆልቆል ይከተላሉ። የሚለካውም በሽያጭ ነው። የፕሮጀክት የሕይወት ዑደት ደግሞ ሥራውን ከመጀመር ወደ ማደራጀትና ማዘጋጀት፣ ከዚያ ወደ ማከናወን፣ በመጨረሻም ወደ መዝጋት ይሄዳል። የሚለካው በሚወጣው ወጪ፣ በሚሰማራው የሰው ኃይልና በሚያስረክበው ውጤት ነው።

ዝርዝሩን መሸምደድ ግን አያድናችሁም። ከዝርዝሩ ይልቅ ይህን ልዩነት ያዙ፦ ፕሮጀክት ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሰዎች ሲወስኑ ነው፤ ምርት ግን ከእድገት ወደ ብስለት የሚሻገረው ማንም ሳይወስን ነው። «ከነገ ጀምሮ ምርታችን በስሏል» ብሎ ቃለ ጉባኤ የሚፈርም ቦርድ የለም። ብስለቱ ከሽያጩ አሃዝ የሚነበብ፣ ብዙውን ጊዜም ካለፈ በኋላ የሚታወቅ ነገር ነው። በፕሮጀክቱ በኩል ያለው የውሳኔ ቦታ «የምዕራፍ በር» ይባላል።

ይህን ሁላችንም በምናውቀው አውሮፕላን እንመልከት። ቦይንግ የ787 ድሪምላይነርን ልማት በይፋ የጀመረው በ2004 ነው። የመጀመሪያውን አውሮፕላን ለደንበኛ ለማስረከብ ያቀደው በ2008 ሲሆን ያስረከበው ግን በሴፕቴምበር 2011 ለጃፓኑ ኦል ኒፖን አየር መንገድ ነው። ከ2004 እስከዚያ ድረስ ያለው የልማት ፕሮጀክት ነው፤ ወጪ እንጂ የአውሮፕላን ርክክብ አልነበረበትም። ምርቱ በገበያ ላይ መኖር የጀመረው ከርክክቡ ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያውን 787 በኦገስት 2012 ተረከበ።

በጃንዋሪ 2013 በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ የሊቲየም ባትሪ ችግር በመታየቱ በዓለም ላይ ያሉት 787ዎች ሁሉ ከበረራ ታገዱ። አምራቹም የባትሪውን ሴሎች የሚለየውን መከላከያ አጠናከረ፤ ባትሪውን በማይዝግ ብረት ሣጥን ውስጥ አኖረው፤ ጭሱም ወደ አውሮፕላኑ ውጭ እንዲወጣ አደረገ። ለውጡ በኤፕሪል 2013 ተፈቀደ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር አውሮፕላኑን ወደ መንገደኛ አገልግሎት የመለሰ የመጀመሪያው አየር መንገድ ሆነ።

እንግዲህ የፈተናው መልስ እዚህ ላይ ነው። የባትሪው ሥራ የራሱ መነሻ፣ የራሱ ውጤትና የራሱ ፍጻሜ ያለው አዲስ ፕሮጀክት ነው፤ የተካሄደው ግን በአንድ ምርት የሕይወት ዑደት ውስጥ ነው። በ2014 አገልግሎት የጀመረው ረዘም ያለው 787-9ም እንዲሁ ሌላ ፕሮጀክት ነው። አንድ የምርት ዕድሜ ብዙ ፕሮጀክቶችን ያቅፋል። ምርቱን ከገበያ ማስወጣት እንኳ ከተወሰነ፣ የማስወጣቱ ሥራ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ይሆናል።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ፤ ሁለተኛው ግራ መጋባት የሚገኘው እዚያ ነውና። ተማሪዎች የምዕራፍ በርን ከምዕራፍ ማብቂያ ቀን ጋር ያምታቱታል። ቀን የጊዜ ምልክት ነው፤ በር ግን ጥያቄና ውሳኔ ነው። በር ለመባል ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ምዕራፉ ያስረከበው ውጤት፣ አስቀድሞ በጽሑፍ የተቀመጠ መመዘኛ፣ እና ገንዘብና ሰው የመመደብ ሥልጣን ያለው ወሳኝ አካል። ውሳኔውም «እለፍ» ብቻ አይደለም። ፕሮጀክቱ ከማሻሻያ ጋር ሊያልፍ፣ በዚያው ምዕራፍ ሊቆይ፣ ምዕራፉን ሊደግም ወይም ጨርሶ ሊቋረጥ ይችላል። «ይቋረጥ» ማለት የማይቻልበት በር በር አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተሳለ የበር ሥዕል ነው።

ከዚሁ አውሮፕላን ታሪክ አንድ ቀን ልጥቀስ። 787 ለሕዝብ የታየው በጁላይ 8 ቀን 2007 ነበር። ቀኑ በአሜሪካውያን አጻጻፍ 7/8/07 ስለሚሆን ከአውሮፕላኑ ስም ጋር ይገጥማል። በዕለቱ የቀረበው አውሮፕላን ከውጭ ያማረ ቢሆንም ብዙ የውስጥ ሥርዓቶቹ አልተገጠሙም ነበር፤ አካሉም በብዙ ቦታ በጊዜያዊ ማያያዣዎች የተያያዘ ነበር። ማያያዣዎቹ ኋላ ተፈትተው በቋሚዎቹ መተካት ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ይደረጋል የተባለው የመጀመሪያ በረራ የተደረገው በዲሴምበር 2009 ነው። ያ ሥነ ሥርዓት የጊዜ ምልክት እንጂ በር አልነበረም። በር ቢሆን ኖሮ ጥያቄው «ቀኑ ደርሷል ወይ?» ሳይሆን «ቋሚ ማያያዣዎቹ ገብተዋል ወይ? ሥርዓቶቹ ተገጥመው ተፈትሸዋል ወይ?» የሚል በሆነ ነበር።

እኔም ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ተቋም የመረጃ ሥርዓት ፕሮጀክት ላይ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። የምረቃው ቀን ስለ ተቆረጠ የፈተናው ውጤት ሳይሟላ ፈረምሁ። ሥርዓቱ ተመረቀ፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ለወራት በወረቀት ሠሩ። መመዘኛው አስቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ያስቆመው ነበር።

ሁለቱ ዑደቶች የሚገናኙትም በዚሁ በር ላይ ነው። ወሳኞቹ ያለፈውን ሥራ ብቻ አይመዝኑም፤ ወደፊት የሚመጣውን የምርቱን ዕድሜ ጭምር ይመዝናሉ። ገበያው ዛሬም አለ ወይ? ቀሪው ወጪ ከሚጠበቀው ገቢ ያንሳል ወይ? እስካሁን የወጣው ገንዘብ ግን ብናቋርጥም ብንቀጥልም ስለማይመለስ፣ ለመቀጠል ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

ስለዚህ በፈተና ወረቀት ላይ ግራ ሲገባችሁ «ወደሚቀጥለው ደረጃ ያሻገረው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያሻገረው የሰዎች ውሳኔ ከሆነ የምታዩት የፕሮጀክት ዑደት ነው፤ ገበያው ከሆነ ደግሞ የምርት ዑደት ነው። ነገ በገምጋሚ ወንበር ስትቀመጡም ጥያቄው ያው ነው፤ ያሻገረው የምረቃ ቀን ሆኖ ካገኛችሁት አትፈርሙ።